«ጅማ ቡና» በየአንቀጹ ሳይደጋገም ጽሑፉ ፍለጋ ላይ እንዲወጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ ለአንድ ቡና አቅራቢ ድረ ገጽ እጽፋለሁ። ቡናን አልጋ ላይ ስለማድረቅ የጻፍኩት ጽሑፍ ጉግል ላይ አይገኝም። አለቃዬ «‹ጅማ ቡና› የሚለውን በየአንቀጹ አስገቢ» አለኝና አስገባሁ። አሁን ራሴ ሳነበው ይሰለቸኛል፤ ፍለጋ ላይም ያው ነው። ጽሑፉን ሳላበላሽ እንዴት ላርመው? መግቢያው እነሆ፦

«ጅማ ቡና በዓለም የታወቀ ነው። ጅማ ቡና አደራረቅ ለጅማ ቡና ጥራት ወሳኝ ነው። ጅማ ቡና በትክክል ካልደረቀ የጅማ ቡና ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ጅማ ቡና አምራቾች ስለ ጅማ ቡና አደራረቅ ማወቅ አለባቸው።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መግቢያሽን ጮክ ብዬ አነበብኩት። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። «ጅማ ቡና» ሰባት ጊዜ አለበት። አራቱንም ጨርሼ ግን ቡና እንዴት እንደሚደርቅ አንድም ነገር አላወቅኩም። ስንት ቀን ይፈጃል? ምን ላይ ይሰጣል? ዝናብ ቢመጣስ? የለም። የጽሑፉ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው፤ የቃሉ መደጋገም የዚህ ምልክት ነው።

ጉግል ቃል እየደጋገሙ ማጨቅን በግልጽ ከሚከለክላቸው ነገሮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ቃሉን በነጭ ቀለም ነጭ ላይ ጽፎ መደበቅም እንደዚያው ነው። «ከመቶ ቃል ይህን ያህሉ ዋናው ቃል ይሁን» የሚል ቀመር ብዙ ቦታ ታያለሽ። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፤ አትቁጠሪ። ከገጹ ጀርባ `keywords` በሚለው ቦታ ቃላት መደርደርም ከንቱ ድካም ነው። ጉግል ያንን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 ነው የተናገረው።

ቃል ከመንካትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጪ።

መጀመሪያ ገጹ ጉግል ዘንድ መመዝገቡን እይ። ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል መሣሪያ ክፈቺ፤ ለድረ ገጽ ባለቤት ነፃ ነው። ላይኛው ሳጥን ውስጥ የጽሑፉን አድራሻ አስገቢ። `URL is on Google` ካለሽ ደህና ነው። `URL is not on Google` ካለሽ ግን ቃል ከማረምሽ በፊት ምክንያቱን ፈልጊ። መጀመሪያ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ መሆኑን እይ። አንደኛው፣ ድረ ገጹ ገና ሲሠራ እንዳይታይ ተብሎ የገባ `noindex` የሚባል ትእዛዝ ሳይነሣ ቀርቷል። ሁለተኛው፣ ከሌሎቹ ገጾቻችሁ ወደዚህ ጽሑፍ የሚወስድ አንድም ሊንክ የለም። የመጀመሪያውን ድረ ገጹን ለሠራው ልጅ ንገሪው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ራስሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ፣ ከገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪ። በአማርኛ ከወጣ መልካም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ከወጣ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው ማለት ነው። ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ጉግል ግን የሚያነበው ያንን ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ከቆየ ሰነድ እየተገለበጠ በሚሠራ ድረ ገጽ ላይ ይህ ደጋግሞ ገጥሞኛል። መድኃኒቱ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው። በፖስተር መልክ፣ ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍም ቢሆን ገጹ ላይ እንደ ጽሑፍ አድርገሽ ጻፊው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ቃሉ እንምጣ።

አለቃሽ የመረጠው ቃል ለዚህ ጽሑፍ አይሆንም። «ጅማ ቡና» ብሎ የሚፈልግ ሰው ማነው? ቡና ሊገዛ የፈለገ ነው። ወይ የዛሬ ዋጋ ይፈልጋል፣ ወይ ላኪ ነው፣ ወይ ስለ አካባቢው ማወቅ የፈለገ ተማሪ ነው። አጋሮ ወይም ጌራ ሆኖ የለቀመውን እሸት ቡና የት ላስጣው ብሎ የተጨነቀ ሰው «ጅማ ቡና» ብሎ አይጽፍም። እሱ ጅማ ዞን ውስጥ እንዳለ ያውቃል። የሚጽፈው «እሸት ቡና ስንት ቀን ይደርቃል»፣ «የቡና ማድረቂያ አልጋ አሠራር»፣ «ቡና ሻጋታ እንዳይዘው» ነው። ጽሑፍሽ የእነዚህ ሰዎች ነው። በማይፈልግሽ ሰው ቃል ሰባት ጊዜ ብትጣሪ የሚፈልግሽ አይሰማሽም።

ይህን እኔም በሥራ ላይ ነው የተማርኩት። እዚሁ ከተማ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ ስሠራ የከተማውን ስም በየመስመሩ አስገባሁ። ባለቤቱ ደስ አለው። እየደወሉ የሚጠይቁት እንግዶች ግን ሁሉም አንድ ነገር ነበር የሚሉት፦ «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?» ገጹ ላይ ስለ መኪና ማቆሚያ አንዲት ቃል አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገጽ ማረም የምጀምረው ሰው የሚጠይቀውን ከመሰብሰብ ነው።

ጥያቄዎቹን ከሁለት ቦታ ሰብስቢ። አንደኛው ሰርች ኮንሶል ነው። `Performance` ውስጥ ግቢ፣ የጽሑፉን ገጽ ብቻ ለዪ፣ ከዚያ `Queries` የሚለውን እይ። ሰው ምን ጽፎ ገጽሽ እንደታየው በቃሉ ተዘርዝሮ ታገኛለሽ። እስከ 16 ወር ወደኋላ ይሄዳል። እዚህ ላይ የአማርኛ ችግር አለ። በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ብዙ መልክ አለው፤ ማድረቅ፣ ማድረቂያ፣ አደራረቅ፣ ይደርቃል፣ የደረቀ። አንድ በአንድ መፈለግ ያታክታል። ማጣሪያው ላይ `Custom (regex)` የሚለውን መርጠሽ ይህን ለጥፊ፦

```
[ደድ]ራ?[ረር][ቀቁቂቃቅ]
```

ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይይዛል። «ድርቅ»ንም ይይዛል፤ ግን አንድ ገጽ ብቻ ለይተሽ እያየሽ ስለሆነ አያስቸግርሽም። የከተማውን ስም አጻጻፍ ለማየት ደግሞ ይህ ይበቃል፦

```
ጅማ|ጂማ|jimma
```

ጥቂት ሰው ብቻ የጻፈውን ጥያቄ ሰርች ኮንሶል የፈላጊውን ማንነት ለመጠበቅ ሲል አያሳይም። ስለዚህ ዝርዝሩ አጭር ቢሆን አትደንግጪ። ሁለተኛው ቦታ ያካክሰዋል፤ እሱም ሰው ነው። ቡና የሚረከበውን ሠራተኛችሁን ጠይቂው። «ገበሬዎቹ ስለ ማድረቅ ሲመጡ ምን ይሉሃል?» በይው። የሚመልስልሽን እሱ እንዳለው ጻፊ፤ ወደ ቢሮ አማርኛ አትለውጪው። «የእርጥበት መጠን ቅነሳ ሂደት» ብሎ የሚፈልግ ገበሬ የለም። «መድረቁን በምን አውቃለሁ» ነው የሚለው።

አሁን እርማቱን አብረን እንሥራ። መግቢያሽን እኔ እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ቀይ እሸት ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ልዩነቱን የሚያመጡት የፀሐዩ ሁኔታና የተሰጣበት ውፍረት ናቸው። ጅማ አካባቢ ለቀማው ሲጀመር ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ላይቆም ይችላል፤ ስለዚህ ሸራው ከአልጋው አይራቅ። ቡናው ሲደርቅ ጀንፈሉን ጆሮሽ አጠገብ ብትወዘውዢው ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። እርግጠኛ ለመሆን ግን በእርጥበት መለኪያ ይለካ፤ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ይሰበሰባል።»

«ጅማ» አንድ ጊዜ ብቻ ገባ። የገባውም የሚሠራው ሥራ ስላለው ነው፤ ስለ ዝናቡ ለመናገር ቦታው ያስፈልጋል። «ጅማ ቡና» የሚለው ጥምረት ጭራሹን የለም። በምትኩ ግን እሸት ቡና፣ አልጋ፣ ሸራ፣ ጀንፈል፣ እርጥበት፣ ስንት ሳምንት የሚሉት ሁሉ ገቡ። ለፍለጋ ብዬ አንዱንም አልቆጠርኩም። ጥያቄው ሲመለስ ቃላቱ ተከትለው መጡ። የአንዱን ጉዳይ መልስ በሙሉ ስትጽፊ የጉዳዩ ቃላት በየመልካቸው ይገባሉ፤ «ሲደርቅ» አንድ ቦታ፣ «ማድረቂያ» ሌላ ቦታ። ሰዋስውን ጠምዝዘሽ «ጅማ ቡና አደራረቅ» እያልሽ ዝርው ቃል መደርደር አያስፈልግሽም። አማርኛ «የጅማ ቡና» ነው የሚለው፤ «የ»ን ለፍለጋ ብለሽ አትጣያት።

ርዕሱ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። በጽሑፉ ውስጥ ቃል መምረጥ በጣም የሚጠቅመው እዚያ ነው። የአሁኑ ርዕስሽ እንደ መግቢያሽ ከሆነ «ጅማ ቡና | የጅማ ቡና አደራረቅ | ምርጥ ጅማ ቡና» ዓይነት ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ርዕስ አንባቢው ምን እንደሚያገኝ አይነግረውም። ይህን ሞክሪ፦

```
<title>እሸት ቡናን አልጋ ላይ ማድረቅ፦ ስንት ቀን ይፈጃል?</title>
```

ዋናው ነገር ከፊት ነው። ጉግል ርዕስን በቦታ ስፋት ይቆርጠዋል፤ ፊደላችን ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ የድርጅታችሁን ስም መጀመሪያ ካስቀመጥሽ ስልክ ላይ የሚታየው ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገጹ ላይ በትልቁ የሚታየው ርዕስም ከዚህ ጋር የሚስማማ ይሁን። ሁለቱ ከተለያዩ ጉግል የራሱን ምርጫ ሊያሳይ ይችላል። ከርዕሱ ሥር የሚወጣው አጭር መግለጫ ደረጃ አያስጨምርም፤ ሰው ይጫን አይጫን እንዲወስን ግን ይረዳል። ከላይ ካለው መግቢያ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ውሰጂለት፤ በቂ ነው።

ንዑስ ርዕሶቹን ከሰበሰብሻቸው ጥያቄዎች አውጪ። «የጅማ ቡና አደራረቅ ጥቅሞች» ከማለት «ምን ያህል ውፍረት ላስጣው?»፣ «ዝናብ ሲመጣ ምን ላድርግ?»፣ «መድረቁን በምን አውቃለሁ?» በይ። ከእያንዳንዱ ሥር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ይሁን። ለምሳሌ ከመጀመሪያው ሥር «ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፤ ከዚያ ከወፈረ ሥር ያለው አየር አጥቶ ይሻግታል» ብለሽ ጀምሪ። ማብራሪያው ይከተል። በየቀኑ ደጋግሞ ማገላበጡ፣ ሌሊት ማልበሱ፣ የተለያየ ቀን የተለቀመን ቡና አንድ አልጋ ላይ አለመቀላቀሉ ሁሉ እዚያ ይገባል። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቡና የሚያገላብጥ ሰው መልሱን ቶሎ ያገኛል። ይህን ለአንባቢ ስትሠሪ ለፍለጋውም ሠራሽ።

የፎቶውም ነገር አለ። ከፎቶ ጀርባ የሚጻፈው ገለጻ ማየት ለማይችሉ ሰዎች በድምፅ ይነበባል። ይህን አስቢና ሁለቱን አወዳድሪ፦

```
alt="ጅማ ቡና ጅማ ቡና አደራረቅ ምርጥ ጅማ ቡና"
alt="ሁለት ሴቶች እሸት ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ"
```

የመጀመሪያውን የሚሰማ ሰው ፎቶው ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። ጉግልም አያውቅም።

አጻጻፍ ላይ ሳንደርስ አንለፍ። አንዱ «ጅማ»፣ ሌላው «ጂማ» ይላል። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ይጽፋል። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኚ። ሌላው አጻጻፍ እንዳያመልጥሽ ብለሽ «ጅማ/ጂማ/Jimma/Djimmah» እያልሽ አትደርድሪ፤ ያም ያው ማጨቅ ነው። በሁለቱም አጻጻፍ ራስሽ ፈልጊና ውጤቱ ይለያይ እንደሆነ አወዳድሪ። ሌላው አጻጻፍ ከልብ የሚያስፈልግ ከሆነ መረጃ ሆኖ ይግባ። ለምሳሌ ስለ ገበያ በምትጽፊበት ገጽ «በውጭ ገበያ `Djimmah` ተብሎ የሚጻፈው ፀሐይ ላይ የደረቀው ቡናችን» ብትዪ አንባቢው አንድ ነገር ተማረ፤ ቃሉም ገባ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የምትጽፊላቸው ገበሬዎች ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው። የኦሮምኛ ቃላትን አማርኛው ገጽ ግርጌ መደርደር ለማንም አይጠቅምም። ገጹን በአፋን ኦሮሞ ለብቻው የሚጽፍ ሰው ፈልጉ፤ ሁለቱ ገጾች የገጽን ቋንቋ ለጉግል በሚነግረው `hreflang` እርስ በርስ ይጠቋቆሙ፤ አማርኛው `am`፣ ኦሮምኛው `om` ነው። ጥቆማው ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት፤ ከአንዱ ብቻ ከሆነ አይሠራም። ከቻላችሁ ይህንን ቶሎ አድርጉት፤ እኔ ብሆን ከሁሉም አስቀድመው ነበር።

አሁን ወደ ሊንኩ ልመለስ። ከሌሎች ገጾቻችሁ ቢያንስ ከሁለት ከሦስቱ ወደዚህ ጽሑፍ መንገድ ክፈቺ። ግን «እዚህ ይጫኑ» ብለሽ አይደለም። ስለ ለቀማ በጻፍሽው ውስጥ «የተለቀመው ቀይ ፍሬ በዚያው ቀን አልጋ ላይ መሰጣት አለበት» የሚል ካለ፣ «አልጋ ላይ መሰጣት» የሚለውን ሊንክ አድርጊው። የሚጫነው ሰው የት እንደሚሄድ ያውቃል። ጉግልም የወዲያኛው ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ከዚያ ይረዳል።

እርማቱን ስታወጪ የገጹን አድራሻ አትቀይሪ። አዲስ ርዕስ ሰጠሁ ብለሽ አድራሻውንም ከለወጥሽ እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ትበትኚዋለሽ። የግድ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር `301` ይደረግ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ውስጥ `Request indexing` የሚለውን አንድ ጊዜ ተጫኚ። ደጋግሞ መጫን አያፈጥነውም። ያረምሽበትን ቀን ጻፊና ለጥቂት ሳምንት አትንኪው። በየሁለት ቀኑ የምትቀያይሪ ከሆነ የቱ እንደሠራ ማወቅ አትችዪም።

ስትመለሺ 28 ቀን ከበፊቱ 28 ቀን ጋር አወዳድሪ። እዚህ ላይ ግን የቡና ወቅት ያሳስትሻል። ሰው ስለ ማድረቅ የሚፈልገው በለቀማ ጊዜ ነው። በነሐሴ አርመሽ በኅዳር ብታዪ ቁጥሩ መጨመሩ አይቀርም፤ ያ ግን እርማትሽ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ዓምና በዚያው ወር ከነበረው ጋርም አስተያዪው። መሣሪያው በፈረንጅ ቀን እንደሚቆጥር አትርሺ። `Impressions` ጨምሮ `Clicks` ካልጨመረ ገጹ እየታየ ነው፤ ርዕሱ ግን አልሳበም ማለት ነው። ያኔ የምትነኪው ርዕሱንና መግለጫውን ብቻ ነው። ሁለቱም ካልጨመሩ የጥያቄውን ዝርዝር እንደገና እይ። ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ሆኖ፣ አንቺ ሌላ ነገር መልሰሽ ሊሆን ይችላል።

አለቃሽ ግን «ጅማ ቡና» የሚለውን መፈለጉ ስህተት አይደለም። ቦታው ነው የተሳሳተው። ለእሱ ራሱን የቻለ አንድ ገጽ ሥሪ። የምታቀርቡት ቡና ከየት ወረዳ እንደሚመጣ፣ በፀሐይ የደረቀ ነው ወይስ የታጠበ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ገዢ ናሙና እንዴት እንደሚያገኝ፣ ስልካችሁ፣ ሁሉም እዚያ ይሁን። ገዢ የሚፈልገው እሱን ነው። ከማድረቂያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ወደዚያ ገጽ አንድ ሊንክ አስገቢ። ለአለቃሽ ስታሳዪው ሁለቱን መግቢያዎች ጎን ለጎን አትመሽ፣ የጥያቄዎቹን ዝርዝር ከሥር አድርጊለት። ያኔ ራሱ ያነብበዋል።